የሳንድዊች ኤላይዛ ምርመራ፦ ከፕሌት አደራደር እስከ መለኪያ ኩርባ

በወረርሽኝ ወቅት ከላቦራቶሪ የሚወጣ አንድ ቁጥር በሕክምና ውሳኔ ላይ ክብደት ይኖረዋል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ ኅብረተሰቡ «ፖዘቲቭ» እና «ኔጋቲቭ» የሚሉትን ቃላት በሚገባ ለምዷል። ይሁን እንጂ ሁሉም ምርመራ «አለ» ወይም «የለም» ብሎ አያበቃም። አንዳንዱ «ምን ያህል አለ?» የሚለውን ጥያቄ ይመልሳል። እንዲህ ያለው ምርመራ ውጤቱ የሚታመነው ቁጥሩ የተገኘበት መንገድ ሲታመን ነው።

ይህ ጽሑፍ ከእነዚህ ምርመራዎች አንዱ የሆነውን ሳንድዊች ኤላይዛ የሚመለከት ሲሆን፣ በተለይም ፕሌቱ እንዴት እንደሚደራጅ እና የመለኪያ ኩርባው እንዴት እንደሚሠራ ያብራራል። ለማብራሪያነት የተመረጠው ኢንተርሉኪን 6 የተባለው የደም ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን ሰውነት ለብግነት የሚያሰራጨው መልእክተኛ ነው። በጤነኛ አዋቂ ደም ውስጥ ብዙውን ጊዜ በሚሊሊትር ጥቂት ፒኮግራም ብቻ ይገኛል፤ አንድ ፒኮግራም የአንድ ግራም አንድ ትሪሊዮንኛ ነው። ኮቪድ-19 በጸናባቸው ሕሙማን ላይ ግን ወደ አሥሮችና ወደ መቶዎች ከፍ ሊል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ሰኔ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. የዚህን ፕሮቲን ሥራ የሚገቱ መድኃኒቶች ሕመሙ ለጸናባቸው ታማሚዎች እንዲሰጡ መምከሩም የፕሮቲኑን ድርሻ ያመለክታል። ቁጥሩ ብቻውን ሕክምና አይወስንም፤ ሐኪሙ ከታማሚው አተነፋፈስ፣ ከኦክስጅን መጠኑ እና ከሌሎች ምርመራዎች ጋር አያይዞ ያነበዋል።

እንበልና በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከላፍቶ፣ ከጀሞ፣ ከለቡ እና ከመካኒሳ አካባቢ የመጡ 36 ሰዎች የደም ናሙና ወደ አንድ ላቦራቶሪ ደረሰ። ባለሙያው በአንድ ፕሌት፣ በአንድ ቀን፣ የሁሉንም የኢንተርሉኪን 6 መጠን መለካት ይኖርበታል። ከዚህ በታች የሚቀርቡት ንባቦችና ስሌቶች አሠራሩን ለማስረዳት የተዘጋጁ ናቸው፤ የማንም ሰው ውጤት አይደሉም።

ምርመራው እንዴት ይሠራል?

ኤላይዛ በ1971 እ.ኤ.አ. በስዊድን እና በኔዘርላንድስ በሚገኙ ሁለት የምርምር ቡድኖች፣ በየራሳቸው መንገድ የተዘጋጀ የምርመራ ዘዴ ነው። «ሳንድዊች» የተባለው ዓይነት ስያሜውን ያገኘው የሚፈለገው ፕሮቲን በሁለት ፀረ እንግዳ አካላት መካከል፣ በሁለት ዳቦ መካከል እንዳለ ምግብ፣ ተይዞ ስለሚለካ ነው።

ፕሌቱ የእጅ መዳፍን ያህል የሆነ፣ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲሆን 96 ትናንሽ ጉድጓዶች አሉት። ባለሙያዎች «ዌል» ይሏቸዋል። በጉድጓዶቹ ወለል ላይ የመጀመሪያው ፀረ እንግዳ አካል አስቀድሞ ተለጥፏል። ናሙናው ሲጨመር ይህ አካል ኢንተርሉኪን 6ን ብቻ መርጦ ይይዛል፤ የቀረው በእጥበት ይወገዳል። ቀጥሎ የሚጨመረው ሁለተኛው ፀረ እንግዳ አካል የተያዘውን ፕሮቲን በሌላ ወገን ይይዘዋል። በዚህ በሁለተኛው ላይ ኢንዛይም ተያይዟል። ከሌላ እጥበት በኋላ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ሲጨመር ኢንዛይሙ ፈሳሹን ወደ ሰማያዊ ይለውጠዋል፤ አሲድ ሲጨመርበት ሥራው ይቆምና ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል። የንባብ መሣሪያው ይህን ቢጫ በ450 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ይለካዋል።

እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ነገር አለ። መሣሪያው የሚያነበው የቀለምን ድምቀት እንጂ ፒኮግራምን አይደለም። «0.95» ብሎ ያነባል፤ ይህ ቁጥር በራሱ የፕሮቲኑን መጠን አይናገርም። የነገው ፕሌት ለዚያው ናሙና 0.80 ወይም 1.10 ሊያነብ ይችላል፤ ምክንያቱም ቀለሙ በሙቀት፣ በጊዜ፣ በእጥበት እና በፈሳሾቹ ዕድሜ ይለዋወጣል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ፕሌት ላይ መጠናቸው አስቀድሞ የታወቀ ፈሳሾች፣ ማለትም ስታንዳርዶች፣ ከናሙናዎቹ ጋር አብረው ይሠራሉ። ቀለሙን ወደ ፒኮግራም የሚተረጉሙት እነርሱ ናቸው። የትላንቱን ትርጉም ለዛሬው ፕሌት መጠቀም አይፈቀድም።

ስታንዳርዶችን ማዘጋጀት

በምሳሌያችን ከፍተኛው ስታንዳርድ በሚሊሊትር 300 ፒኮግራም ነው። ባለሙያው ስምንት ቱቦዎችን ይደረድራል። በመጀመሪያው ውስጥ 1000 ማይክሮሊትር የ300 ፈሳሽ ያኖራል፤ በቀሩት ሰባት ውስጥ ደግሞ 500 ማይክሮሊትር ማቅጠኛ ፈሳሽ ይጨምራል። ከመጀመሪያው ቱቦ 500 ማይክሮሊትር ወስዶ ወደ ሁለተኛው ያስገባል፣ በሚገባ ያደባልቃል፣ የፒፔቱን ጫፍ ይለውጣል፤ ከሁለተኛውም 500 ወስዶ ወደ ሦስተኛው ያስገባል። እንዲህ እያለ እስከ ሰባተኛው ይዘልቃል። ስምንተኛው ምንም አይጨመርበትም፤ ዜሮ ነው። በየደረጃው መጠኑ በግማሽ ስለሚቀንስ 300፣ 150፣ 75፣ 37.5፣ 18.75፣ 9.38፣ 4.69 እና 0 ይገኛሉ።

ይህ አሠራር ቀላል ቢመስልም ስሕተትን እየደራረበ የሚያሳድግ ባሕርይ አለው። ፒፔቱ ባለመመርመሩ ምክንያት በእያንዳንዱ ጊዜ ከ500 ይልቅ 450 ማይክሮሊትር ቢያነሣ ምን ይሆናል? አንዱ እርምጃ መጠኑን በግማሽ መቀነስ ሲገባው ወደ 47 በመቶ ያወርደዋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ስድስት ጊዜ ሲደጋገም የመጨረሻው ስታንዳርድ በወረቀት ላይ 4.69 ተብሎ እየተጻፈ በእውነት 3.4 ገደማ ብቻ ይሆናል፤ 28 በመቶ ጎደለ ማለት ነው። ከሁሉ የሚከፋው ኩርባው የተስተካከለና ያማረ ሆኖ መታየቱ ነው። ስሕተቱ ሥርዓት ይዞ ስለሚሄድ ዓይን አይለየውም። ውጤቱ ግን ዝቅተኛ መጠን ያላቸውን ናሙናዎች ሁሉ ከእውነተኛው በላይ አድርጎ ያወጣል። ይህን የሚያጋልጠው ራሱን ችሎ የተዘጋጀና መጠኑ የታወቀ ኮንትሮል ብቻ ነው። ኮንትሮሉ ከዚያው ከስታንዳርዱ ቱቦ ተቀድቶ ከተዘጋጀ ግን ከእርሱ ጋር አብሮ ስለሚሳሳት ምስክርነቱ ዋጋ አይኖረውም።

የፕሌቱ አደራደር

ፕሌቱ ከ A እስከ H የተሰየሙ 8 ረድፎች እና ከ1 እስከ 12 የተቆጠሩ ዓምዶች አሉት። ባለሙያው ፒፔት ከማንሣቱ በፊት እያንዳንዱ ጉድጓድ ምን እንደሚይዝ በወረቀት ላይ ይወስናል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ 8 ስታንዳርዶች እያንዳንዳቸው ሁለት ጊዜ ሲሠሩ 16 ጉድጓድ ይይዛሉ። ዝቅተኛና ከፍተኛ ኮንትሮሎች እያንዳንዳቸው አራት ጊዜ ሲሠሩ 8 ጉድጓድ ይይዛሉ። ከ96 ላይ 72 ይቀራል። እያንዳንዱ ናሙና ሁለት ጊዜ ስለሚሠራ 36 ሰዎች ይስተናገዳሉ።

ናሙናን አንድ ጊዜ ብቻ ሠርቶ 72 ሰዎችን ማስተናገድ ቁጠባ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ብቸኛ ንባብ ሲሳሳት የሚቃወመው የለም። አንድ ናሙና በሁለት ጉድጓድ 0.93 እና 0.97 ቢነበብ አማካዩ 0.95 ነው፤ ሁለቱ ስለሚስማሙም ይታመናል። ሌላው 0.70 እና 1.20 ቢነበብ አማካዩ ያው 0.95 ነው፤ ሆኖም ከሁለቱ አንዱ በእጥበት ወይም በአጨማመር ተበላሽቷል። የትኛው እንደሆነ ስለማይታወቅ ናሙናው ይደገማል። የልዩነቱ ልክ የሚገለጸው በመደበኛ ልዩነት እና በአማካዩ ንጽጽር ሲሆን፣ በመጀመሪያው ናሙና 3 በመቶ፣ በሁለተኛው 37 በመቶ ነው። ብዙ ላቦራቶሪዎች ከ15 ወይም ከ20 በመቶ በላይ የሆነውን አይቀበሉም።

ቀጣዩ ጥያቄ ሁለቱ ጉድጓዶች የት ይሁኑ የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ለአሠራር እንዲመች ጎን ለጎን ይደረጋሉ። ጎረቤታሞች ግን አንድ ዓይነት ችግር ስለሚደርስባቸው አብረው ተሳስተው የተስማሙ ሊመስሉ ይችላሉ። በተለይ ሁለት ችግሮች ከቦታ ጋር የተያያዙ ናቸው።

የመጀመሪያው የዳር ችግር ነው። በፕሌቱ ጠርዝ ያሉ ጉድጓዶች ከመካከለኞቹ ቀድመው ይሞቃሉ፣ ቀድመው ይቀዘቅዛሉ፣ ፈሳሻቸውም ቶሎ ይተናል። በአዲስ አበባ የክረምት ጠዋት ማሞቂያ የሌለው ክፍል፣ ብዙ የመመርመሪያ ኪቶች «የክፍል ሙቀት» ከሚሉት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሊሆን ይችላል። ፈሳሾቹ ከማቀዝቀዣ እንደወጡ ተጨምረው ፕሌቱ ወደ 37 ዲግሪ ማሞቂያ ቢገባ ዳሩ ሲሞቅ መሐሉ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ዳሩም ይበልጥ ይቀልማል። መፍትሔው ፈሳሾቹንና ፕሌቱን ወደ ክፍል ሙቀት እስኪደርሱ ማቆየት፣ ፕሌቱን በማጣበቂያ ሽፋን መሸፈን እና ፕሌቶችን አንዱን በአንዱ ላይ አለመደራረብ ነው።

ሁለተኛው የጊዜ ችግር ነው። ናሙና መጨመር ደቂቃዎች ይወስዳል። መጀመሪያ የተሞላው ጉድጓድ ከመጨረሻው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል። ቀለም አምጪው ፈሳሽ 15 ደቂቃ ብቻ ሲቆይ የሦስት ደቂቃ ልዩነት ትልቅ ነው። ስለዚህ ፈሳሹ በተጨመረበት ቅደም ተከተልና ፍጥነት ማቆሚያው አሲድም ይጨመራል።

የሚከተለው አደራደር ሁለቱንም ችግሮች ለመከላከልና ሲከሰቱም ለማየት ያስችላል። «መ» ስታንዳርድ፣ «ዝ» ዝቅተኛ ኮንትሮል፣ «ከ» ከፍተኛ ኮንትሮል፣ ነጥቡ ናሙና ነው። መ1 ማለት 300፣ መ8 ማለት ዜሮ ነው።

```
    1   2   3   4   5   6   7   8   9   10  11  12
A   ዝ   መ1  .   .   .   .   .   .   .   .   መ8  ከ
B   .   መ2  .   .   .   .   .   .   .   .   መ7  .
C   .   መ3  .   .   .   .   .   .   .   .   መ6  .
D   .   መ4  .   .   .   ዝ   ከ   .   .   .   መ5  .
E   .   መ5  .   .   .   ከ   ዝ   .   .   .   መ4  .
F   .   መ6  .   .   .   .   .   .   .   .   መ3  .
G   .   መ7  .   .   .   .   .   .   .   .   መ2  .
H   ከ   መ8  .   .   .   .   .   .   .   .   መ1  ዝ
```

የስታንዳርዶቹ አንድ ቅጂ በግራ፣ ሌላው በቀኝ ተቀምጧል፤ ቅደም ተከተሉም ተገላብጧል። የ36ቱም ናሙናዎች የመጀመሪያ ቅጂ በግራው ግማሽ፣ ሁለተኛው በቀኙ ግማሽ ይሆናል። ግራው ቀድሞ ስለተሞላ ንባቡ ከፍ ቢል የሁሉም ናሙና ግራ ንባብ ከቀኙ ይበልጣል፤ ችግሩም ወዲያው ይታያል። ኮንትሮሎቹ በማዕዘንና በመሐል ተቀምጠዋል። ለምሳሌ ዝቅተኛው ኮንትሮል በመሐል 0.41 ተነብቦ 18 ፒኮግራም ሲሰጥ፣ በማዕዘን ግን 0.50 ተነብቦ 23 ቢሰጥ ያው ፈሳሽ በቦታው ብቻ ተለይቷል ማለት ነው። ባለሙያው ያን ፕሌት አይቀበለውም። የኪቱ አምራች ያረጋገጠው ሌላ አደራደር ካለ እርሱ ይከበራል፤ የሁለት ቅጂና የኮንትሮል መርሕ ግን አይቀርም።

ናሙናዎቹንም በመጡበት ሰፈር ወይም በሕመማቸው ጽናት ለይቶ በአንድ ወገን መደርደር አይገባም። ከጀሞ የመጡት ሁሉ በዳር፣ ከላፍቶ የመጡት ሁሉ በመሐል ቢቀመጡ የፕሌቱ ጉድለት የሰፈር ልዩነት መስሎ ይነበባል። ስለዚህ ቦታቸው በዕጣ ይሰጣል፤ የዕጣው መዝገብም ይቀመጣል።

ቀጥታ መስመር ለምን አይበቃም?

በምሳሌው ፕሌት የስታንዳርዶቹ አማካይ ንባብ ከከፍተኛው ጀምሮ 2.36፣ 1.82፣ 1.23፣ 0.74፣ 0.42፣ 0.24፣ 0.15 እና 0.06 ሆኗል። መጠኑ ከ150 ወደ 300 በእጥፍ ሲያድግ ንባቡ እጥፍ አለመሆኑን ልብ ይሏል። በጉድጓዱ ወለል ያሉት ፀረ እንግዳ አካላት የተወሰኑ ስለሆኑ ፕሮቲኑ ሲበዛ መቀመጫ እያጣ ይሄዳል። በታችኛውም ጫፍ ንባቡ ዜሮ አይሆንም፤ ፕሮቲን ባይኖርም ከእጥበት ያመለጠ ጥቂት ኢንዛይም 0.06 ያህል ቀለም ይሰጣል።

በእነዚህ ነጥቦች መካከል ቀጥታ መስመር ቢሰመር 0.91 ያህል የስምምነት መለኪያ ይሰጣል። ይህ ቁጥር ለማያውቀው ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን መስመሩ ንባቡ 0.95 የሆነውን ናሙና ወደ 84 ፒኮግራም ይተረጉመዋል፤ ትክክለኛው ከታች እንደሚታየው 52 ገደማ ነው። ንባቡ 0.20 የሆነውን ናሙና ደግሞ ከዜሮ በታች 13 ፒኮግራም ይለዋል። ከዜሮ በታች የሆነ ፕሮቲን በማንም ደም ውስጥ የለም። መስመሩ ከመሠረቱ ለዚህ ሥራ አለመሆኑን ይህ ብቻ ያሳያል።

አራት መለኪያ ያለው ኩርባ

መጠኑ በእጥፍ እያደገ በሚሄድ ልክ፣ ማለትም በሎጋሪዝም፣ ከታች ሲቀመጥና ንባቡ ወደ ላይ ሲቆም ነጥቦቹ የተንጋደደ «ኤስ» ፊደል ይሠራሉ። ቅርጹ ከሜዳ ተነሥቶ ዳገት ወጥቶ አምባ ላይ እንደሚደርስ መንገድ ነው። ይህን መንገድ ለመግለጽ አራት ቁጥሮች ይበቃሉ፦

```
y = d + (a - d) / (1 + (x / c)^b)
```

በቀመሩ `x` የፕሮቲኑ መጠን፣ `y` የቀለሙ ንባብ ነው። `a` ሜዳው ነው፤ ፕሮቲን በሌለበት የሚነበበው ቀለም። `d` አምባው ነው፤ ፕሮቲኑ እጅግ ቢበዛ ንባቡ የሚደርስበት ጣሪያ። `c` የዳገቱ ወገብ ነው፤ ንባቡ በሜዳውና በአምባው መካከል እኩሌታ ላይ የሚደርስበት መጠን። `b` የዳገቱን ቁልቁለት ያመለክታል።

ኮምፒዩተሩ እነዚህን አራት ቁጥሮች የሚያገኘው በሙከራ ነው። ለ`a` የዜሮውን ንባብ፣ ለ`d` ከከፍተኛው ንባብ ከፍ ያለ ቁጥር፣ ለ`c` ከመካከለኞቹ ስታንዳርዶች አንዱን፣ ለ`b` ደግሞ 1ን ይዞ ይጀምራል። ኩርባው በእያንዳንዱ ስታንዳርድ ከተነበበው ምን ያህል እንደራቀ ያሰላል፣ ርቀቶቹን በራሳቸው አባዝቶ ይደምራል፣ ከዚያም ድምሩ እስከሚቻለው ድረስ እንዲያንስ ቁጥሮቹን ጥቂት በጥቂት ይለውጣል። በምሳሌያችን `a` 0.06፣ `b` 1.1፣ `c` 120 እና `d` 3.2 ይሆናሉ። ለአራት ያልታወቁ ቁጥሮች አራት ነጥብ ብቻ መጠቀም ስሕተትን የሚያሳይ ትርፍ ስለማይተው፣ ከዜሮው ውጭ ቢያንስ ስድስት ስታንዳርዶች ያስፈልጋሉ።

በዚህ ስሌት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ከፍተኛ ንባብ ከዝቅተኛው ይልቅ በብዙ ይዋዥቃል። እያንዳንዱ ንባብ በ5 በመቶ ቢዛባ 2.36 በ0.118 ይዛባል፤ 0.15 ግን በ0.0075 ብቻ። ርቀቶቹ በራሳቸው ሲባዙ የላይኛው ስሕተት ከታችኛው 250 ጊዜ ያህል ይገዝፋል። ኮምፒዩተሩም የላይኛውን ለማስደሰት ሲል የታችኛውን ይተዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ርቀት በንባቡ ልክ ክብደት እንዲሰጠው፣ ማለትም ለንባቡ በራሱ ብዜት እንዲካፈል ይደረጋል። ያን ጊዜ ሁሉም ስታንዳርድ ተመጣጣኝ ድምፅ ያገኛል፤ ጤነኞችን ከታመሙ ለመለየት የሚያስፈልገው የታችኛው ክፍልም ይስተካከላል።

ከንባብ ወደ ውጤት

ኩርባው ከተገኘ በኋላ ቀመሩ ይገለበጣል፦

```
x = c * ((a - d) / (y - d) - 1)^(1 / b)
```

ንባቡ 0.95 የሆነውን ናሙና እንውሰድ። 0.06 ሲቀነስ 3.2 ከዜሮ በታች 3.14 ነው። 0.95 ሲቀነስ 3.2 ከዜሮ በታች 2.25 ነው። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል 1.396 ይሆናል። 1 ሲቀነስለት 0.396 ይቀራል። ይህም ወደ 1/1.1 ኃይል ሲነሣ 0.430 ይሰጣል፤ በ120 ሲባዛ 51.6 ይሆናል። ሴረሙ ፕሌቱ ላይ ከመግባቱ በፊት በእኩል ማቅጠኛ ተቀጥኖ ከነበረ ውጤቱ በ2 ተባዝቶ በሚሊሊትር 103 ፒኮግራም ተብሎ ይጻፋል። ይህችን ማባዣ መርሳት ውጤቱን በግማሽ ያሳንሳል፤ በኩርባውም ሆነ በኮንትሮሉ ላይ ምንም ምልክት አይተውም። ስለዚህ የቅጥነቱ ልክ በፕሌቱ ካርታ ላይ ከናሙናው ቁጥር ጎን ይጻፋል።

ውጤት ከመውጣቱ በፊት ኩርባው ራሱ ይፈተናል። የስምምነት መለኪያው 0.99 መሆኑ አይበቃም። ትክክለኛው ፈተና እያንዳንዱን ስታንዳርድ እንደማይታወቅ ናሙና ቆጥሮ በኩርባው መልሶ ማስላት ነው። 37.5 ተብሎ የተዘጋጀው ከ30 እስከ 45 መካከል፣ ማለትም በ20 በመቶ ክልል ውስጥ ካልተመለሰ ኩርባው በዚያ ስፍራ አይታመንም። ለዝቅተኛው ስታንዳርድ 25 በመቶ ይፈቀዳል። ስሕተቶቹ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ሳይሆኑ በመሐል ሁሉም ወደ ላይ፣ በጫፎቹ ሁሉም ወደ ታች ከሆኑ ዳገቱ ከላይና ከታች እኩል የተጠማዘዘ አይደለም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ አምስተኛ መለኪያ ያለው ኩርባ ይሞከራል።

የኩርባው ዳርቻ

ኩርባው ከስታንዳርዶቹ ክልል ውጭ የሚናገረው ግምት ነው። በዳገቱ ወገብ ንባቡ ከ0.95 ወደ 1.05 ቢለወጥ ውጤቱ ከ52 ወደ 59 ብቻ ይሄዳል። ከላይ አምባው አጠገብ ግን ንባቡ በዚያው ልክ ከ2.9 ወደ 3.0 ቢለወጥ ውጤቱ ከ926 ወደ 1382 ይዘላል። የማትታይ የቀለም ልዩነት 456 ፒኮግራም ሆነች ማለት ነው። በዚያ ላይ ጣሪያው 3.2 መሆኑ ራሱ የተገመተ ነው፤ ከፍተኛው ስታንዳርድ የደረሰው እስከ 2.36 ብቻ ነው።

ስለዚህ 2.9 የተነበበ ናሙና «926» ተብሎ አይጻፍም። ናሙናው አሥር እጥፍ ተቀጥኖ ይደገማል። በድጋሚው ንባቡ 1.29 ሆኖ 80 ፒኮግራም ቢሰጥ በ10 ተባዝቶ 800 ይሆናል። ይህ ቁጥር ከኩርባው ጽኑ ክፍል የተገኘ ስለሆነ ይታመናል። ማቅጠን ሌላም ጥቅም አለው። ናሙናውና ሁለተኛው ፀረ እንግዳ አካል በአንድ ጊዜ በሚጨመሩባቸው ኪቶች ፕሮቲኑ እጅግ ሲበዛ ሁለቱን አካላት ለየብቻ ይሞላቸዋል፤ ሳንድዊቹ ሳይሠራ ይቀርና ቀለሙ በተቃራኒው ይደበዝዛል። በጽኑ የታመመ ሰው ዝቅተኛ ውጤት ሊወጣለት ይችላል። ናሙናው ሲቀጥን ውጤቱ በስሌቱ መሠረት በማነስ ፈንታ ቢያድግ ይህ ችግር መከሰቱ ይታወቃል። በታችኛው ዳርቻም ከ4.69 በታች የወረደ ንባብ «ከ4.7 በታች» ተብሎ ይጻፋል እንጂ «2.1» የሚል የተራቀቀ ቁጥር አይሰጠውም።

የውጤት ወረቀት ሲነበብ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ታማሚው እጅ የሚደርሰው አንድ መስመር ነው። ያን መስመር ለማንበብ የሚከተሉትን ማስተዋል ይጠቅማል።

• ከቁጥሩ ጎን መለኪያው መጻፍ አለበት። «በሚሊሊትር ፒኮግራም» ያልተባለ ቁጥር ከሌላ ጋር አይነጻጸርም።

• «ከዚህ በታች» ወይም «ከዚህ በላይ» የሚል ውጤት የላቦራቶሪውን ድክመት አያሳይም። ኩርባው የማያውቀውን አልናገርም ማለቱ ነው።

• ናሙናው እንዲደገም ወይም ደም እንደገና እንዲሰጥ መጠየቅ ሁለቱ ንባቦች ስላልተስማሙ ወይም ናሙናው መቅጠን ስላለበት ሊሆን ይችላል። ሕመሙ ጸንቷል ማለት አይደለም።

• በተለያዩ ላቦራቶሪዎች ወይም በተለያዩ ኪቶች የተለካ መጠን በቀጥታ አይነጻጸርም። የሁለት ቀን ውጤቶች 103 እና 95 ቢሆኑ ልዩነቱ በፕሌቶች መካከል ከሚጠበቀው መዋዠቅ ውስጥ ሊሆን ስለሚችል መሻሻል መኖሩን ብቻውን አያረጋግጥም። ክትትል የሚያስፈልገው ታማሚ በአንድ ላቦራቶሪ፣ በአንድ ዓይነት ኪት ቢመረመር ይመረጣል።

• ውጤቱን ታማሚውን የሚያየው ሐኪም ያነበዋል። የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሰው የኢንተርሉኪን 6 ውጤት እስኪደርስ ሳይጠብቅ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።